ማሽኑ ይነሳ፣ ቱቦው ይቆይ፦ የካረን አን ኩዊንላን ጉዳይ

አባትየው የልጁ መተንፈሻ ማሽን እንዲነሳ ለመጠየቅ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ «የምግቡስ ቱቦ?» ብለው ጠየቁት። በፍጹም አለ። እሱ እኮ ምግቧ ነው።

ይህን ታሪክ ለነርሲንግ ተማሪዎች በነገርኩ ቁጥር ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ያው አይደለም እንዴ? ማሽኑን ካስነሳ ቱቦውን ለምን ያስቀራል?» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ገና ማሽኑ ላይ ቆሞ «መጀመሪያውኑ ማስነሳቱ ኃጢአት ነው» ይላል። ሰውየው ግን ከሁለቱም ጋር አልነበረም። አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፤ ሁለቱንም ውሳኔ የወሰነው ከአንድ ትምህርት ተነስቶ ነው። ያ ትምህርት ምን እንደሚል፣ አልጋው አጠገብ ሲወርድም ምን እንደሚመስል እንይ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የሆነው ነገር

ካረን አን ኩዊንላን የኒው ጀርሲ ልጅ ናት። ጆሴፍና ጁሊያ ኩዊንላን በጨቅላነቷ በጉዲፈቻ ወስደው አሳደጓት። በኤፕሪል 1975፣ በ21 ዓመቷ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስታመሽ አልኮል ጠጣች፤ የሚያረጋጋ መድኃኒትም ወስዳ ነበር። በዚያ ላይ ለመክሳት ብላ ምግብ ቀንሳ ነበር። ደከመኝ ብላ ተኛች። ሊያይዋት ሲገቡ አትተነፍስም።

ፍርድ ቤቱ በኋላ እንደመዘገበው ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ትንፋሿ ቆሟል። ጓደኞቿ በአፍ ትንፋሽ ሊሰጧት ሞከሩ፤ አልሆነም። በአምቡላንስ ሆስፒታል ስትደርስ የዓይኗ ብሌን ለብርሃን አይመልስም። ለከባድ ሕመምም ምላሽ የላትም። ቬንትሌተር ላይ ገባች፤ ጉሮሮዋ ላይ ትራኪዮስቶሚ ተሠራላት። ከዚያ ዴንቪል ወደሚገኘው ሴንት ክሌርስ ሆስፒታል ተዛወረች። ሴንት ክሌርስ የካቶሊክ ሆስፒታል ነበር። ይህቺን ልብ በሉ፤ ሆስፒታሉም ቤተሰቡም አንድ ሃይማኖት ናቸው፤ ሆኖም በአንድ አልጋ ላይ አልተስማሙም።

ወራት አለፉ። ካረን አይሲዩ ውስጥ ነበረች፣ አራት ነርሶች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ይንከባከቧታል። የፍርድ ቤቱ ሰነድ እንክብካቤውን «እጅግ ጥሩ» ይለዋል። ምግቧ በአፍንጫ በሚገባ ኤንጂ ቲዩብ ነው። ያም ሆኖ ከ40 ፓውንድ በላይ፣ ማለትም 18 ኪሎ ያህል ከሳች። እጅና እግሯ እየተኮማተረ እንደ ፅንስ ተጠቀለለች።

ሞታለች ወይስ አልሞተችም?

እዚህ ጋ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ካረን የአንጎል ሞት አልደረሰባትም። የአንጎል ሞት ማለት የአንጎል ግንድ ጭምር ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ብሌኑ አይመልስም፣ ሳክሽን ሲደረግ ሳል የለም፣ ማሽኑ ለጊዜው ሲቋረጥ የትንፋሽ ሙከራ እንኳ አይታይም። እንዲህ ያለ ሰው በሕግም በሕክምናም ሞቷል። እሱ ላይ ማሽን ማንሳት የውሳኔ ጉዳይ አይደለም ማለት ይቻላል።

የካረን ሌላ ነበር። ትተኛለች፣ ትነቃለች። ስትነቃ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ትርገበገባለች፣ አንዳንዴ ድምፅ ታወጣለች። ግን የምታየውን አታውቅም። ለሰው ድምፅ ምላሽ የላትም። ዶክተር ፍሬድ ፕለም፣ ከብራያን ጄኔት ጋር ሆኖ በ1972 ለዚህ ሁኔታ ስም ያወጣው ሰው፣ በችሎቱ መስክሯል። ዘላቂ የቬጀቴቲቭ ሁኔታ ነው። ከሞተች በኋላ የተደረገው የአንጎል ምርመራ በ1994 ታትሞ ሲወጣ አንጎሏ 835 ግራም ብቻ ሆኖ ነበር። የጤነኛ ሴት አንጎል በአማካይ ከ1,200 ግራም በላይ ነው። ይበልጥ የተጎዳው ደግሞ የውጪው ሽፋን ሳይሆን ታላመስ የሚባለው የውስጡ ክፍል መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል።

ይህ ለነርስ ለምን ይጠቅማል? ቤተሰብ የሚያየው ዓይኗን ነው። «አየችኝ እኮ!» ይላሉ። «እጄን ጨበጠችኝ።» ያን ጊዜ «አይ፣ ሪፍሌክስ ነው» ብሎ ማለፍ ጭካኔ ነው። «አዎ፣ እያየችሽ ነው» ማለት ደግሞ ውሸት ነው። የሚሻለው አብሮ ማየት ነው። ስሟን ጠርቶ መጠበቅ፣ ከዚያ ዝም ብሎ እጇን መንካት፤ ልዩነት አለ ወይ ብሎ አብሮ መመልከት። ደጋግመው ሲያዩት ራሳቸው ይደርሱበታል። ጊዜ ይወስዳል። የኩዊንላን ቤተሰብ ወራት ፈጅቶበታል። ከሁሉም ዘግይቶ የተቀበለውም አባትየው ነበር።

ጆሴፍ ወደ ማን ሄደ?

ወደ ጠበቃ አልነበረም። መጀመሪያ የሄደው ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ቶማስ ትራፓሶ ነው። የሆስፒታሉንም ቄስ አነጋገረ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ማሽኑ ይነሳ ብል ልጄን ገደልኩ ማለት ነው?

የቄሱ መልስ አይደለም የሚል ነበር። ከራሱ የፈጠረውም አልነበረም። ትምህርቱ ረጅም ዕድሜ አለው። ሥሩ 16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ ነው። ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶሪያ የሚባል የዶሚኒካን መምህር፣ በሽተኛ ሕይወቱን ለማቆየት ምን ያህል ግዴታ አለበት ብሎ ጠየቀ። ምሳሌው ከምግብ የመጣ ነው። ሰው መብላት አለበት። ግን ውድና ምርጥ ምግብ ፈልጎ እንዲበላ አይገደድም። ያኔ ማደንዘዣ የለም፤ እግር የሚቆረጠው በቁም ነው። እንዲህ ያለውን ስቃይ እምቢ ያለ ሰው ራሱን ገደለ አይባልም ተባለ። በ1595 ዶሚንጎ ባንዬስ ለሁለቱ ስም አወጣላቸው፦ መደበኛ መንገድ እና ከመደበኛ ያለፈ መንገድ።

ከዚያ ኖቬምበር 24 ቀን 1957 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የማደንዘዣ ሐኪሞችን ጥያቄ መለሱ። ቬንትሌተር ገና አዲስ ነገር ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ በሌለው ታማሚ ላይ ማሽን ማቆም እንችላለን ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። መልሳቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ግዴታ ያለበት መደበኛውን መንገድ መጠቀም ነው። መደበኛ ማለት እንደ ሰውየው፣ እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ታይቶ ለራሱም ለሌላም ከባድ ሸክም የማይሆን ነው። ከዚያ ያለፈውን ማቆም ይቻላል። ሐኪምም ከበሽተኛው ፈቃድ ውጪ በራሱ የሚሠራበት የተለየ መብት የለውም።

«መደበኛ» የሚለው ቃል ተማሪን ያሳስተዋል። በሆስፒታል የተለመደ ማለት ይመስላል። አይደለም። የሚመዘነው ዕቃው ሳይሆን ለዚህ በሽተኛ የሚሰጠው ጥቅምና የሚጭንበት ሸክም ነው። የሳንባ ምች ይዞት ለአራት ቀን ቬንትሌተር ላይ የገባ የ30 ዓመት ጎልማሳ አለ እንበል፤ ይድናል። ለእሱ ማሽኑ መደበኛ ነው። ያው ማሽን፣ ያው ሞዴል፣ ለካረን ከመደበኛ ያለፈ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በየፋርማሲው የሚገኝ አንቲባዮቲክ፣ ካንሰር ጨርሶት የመጨረሻ ቀናቱን ለሚቆጥር ሰው ከመደበኛ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቬንትሌተር ከመደበኛ ያለፈ ነው» ብላችሁ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ ነጥብ የምቀንስባችሁ እዚህ ጋ ነው።

እምቢታው

ጁላይ 31 ቀን 1975 ወላጆቹ ማሽኑ እንዲነሳ ፈቃዳቸውን በወረቀት ፈረሙ። ሐኪሟ ዶክተር ሮበርት ሞርስ ግን እንቢ አለ። የሕክምና ሥነ ምግባር አይፈቅድልኝም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። በሕግ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካረን ደግሞ ሕፃን ስላልሆነች አባትየው ሕጋዊ ሞግዚቷ አይደለም።

ጆሴፍ ፍርድ ቤት ገባ። ኖቬምበር 10 ዳኛ ሮበርት ሙይር ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት፤ ውሳኔው የሐኪሞች ነው አሉ። በችሎቱ የቀረበ አንድ ምስክርነት ለነርስ በጣም ይጠቅማል። ዶክተር ጁልየስ ኮሬን የሚባሉ ነርቭ ሐኪም፣ ሆስፒታሎች ውስጥ ያልተጻፈ ልማድ አለ ብለው ተናገሩ። ተስፋ በሌለው ታማሚ ላይ ሐኪሞች ቀስ ብለው ችላ ይሉታል፤ ልቡ ቢቆም አትነሱ የሚል ምልክትም ቻርት ላይ ይቀመጣል። ማንም አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያደርገዋል። ይህ ነገር እዚህ አገርም አዲስ አይደለም። «ምንም አታድርጉ» ተብሎ በሹክሹክታ የሚነገረው፣ ሸክሙ ደግሞ ማታ ተረኛዋ ነርስ ላይ የሚወድቀው። ቤተሰቡ ከሚጠይቀው የከፋው ይሄኛው ነው። ጆሴፍ ቢያንስ በግልጽ ጠየቀ።

የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማርች 31 ቀን 1976 መጣ። ዋና ዳኛው ሪቻርድ ሂዩዝ የጻፉት ነው፤ ዳኞቹ በሙሉ ተስማምተዋል። ጆሴፍ ሞግዚት ሆነ። ሐኪሞቹ ወደ ማወቅ የመመለስ ተስፋ የላትም ካሉ፣ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ከተስማማ፣ ማሽኑ ሊነሳ ይችላል፤ ማንም አይከሰስም። ዛሬ ብዙ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የገፋው አንዱ ነገር ይህ ፍርድ ነው። ፍርዱ የቆመው በግል ሕይወት መብት ላይ ነው። ያም ሆኖ የጳጳሱን የሎረንስ ኬሲን መግለጫ በሰፊው ጠቅሷል፤ ጳጳሱ የአባትየው ጥያቄ በቤተክርስቲያኗ ትምህርት ትክክል ነው ብለው ጽፈው ነበር። ዳኞቹ ለምን ጠቀሱት? ቤተክርስቲያን ሕግ ናት ለማለት አይደለም። የአባትየውን ልብ ለማወቅ ነው። ልጁን ሊገላገላት ፈልጎ ነው ወይስ በእምነቱ ሚዛን ላይ ቆሞ ነው? ሞግዚት ለመሆን ያ ይታያል።

ዊን ማድረግ

ፍርዱ ወጣ እንጂ ማሽኑ በማግስቱ አልተነሳም። በሜይ 1976 ሐኪሞቹ ካረንን ቀስ በቀስ ከማሽኑ ማላቀቅ ጀመሩ፤ አይሲዩ ውስጥ «ዊን እናድርጋት» የምንለው ማለት ነው። ትንሽ ያነሱታል፣ ይመልሱታል፤ ቆይታውን ያራዝሙታል። በመጨረሻ ያለ ማሽን ቀረች። መተንፈሷን አላቆመችም።

ሁሉም ትሞታለች ብሎ ነበር። ጋዜጠኛው፣ ጠበቃው፣ ሐኪሞቹም ብዙዎቹ። ካረን ሌላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። በጁን 1976 ወደ ነርሲንግ ሆም ተዛወረች። ጁን 11 ቀን 1985፣ በ31 ዓመቷ፣ በሳንባ ምች ሞተች።

እኔ ይህን ጉዳይ የምወደው እነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ስላሉበት ነው። የሰው ሐሳብ አይታይም ይባላል። እዚህ ግን ታየ። ጆሴፍ የፈለገው ሞቷን ቢሆን፣ ማሽኑ ተነስቶ ሳትሞት ስትቀር ቀጥሎ ያለው መንገድ ቱቦው ነበር። እሱ ግን ወደ ቱቦው አልሄደም። ወደ ነርሲንግ ሆሙ ይመላለስ ነበር እንጂ። የጠየቀው «ሸክሙ ይነሳላት» ነበር፤ ተነሳላት። ከዚያ በኋላ መኖሯም መሞቷም የፈጣሪ ነው ብሎ ተወው። ሐሳቡ ሞት ቢሆን ኖሮ ዕቅዱ ከሽፏል ይባል ነበር። እሱ ግን አልከሸፈበትም።

ማሽንን ማንሳት መግደል ነው ወይ ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው ይህን ጥያቄ ስጡት፦ ማሽኑ ተነስቶ በሽተኛው ቢተነፍስ፣ ደስ ይልሃል ወይስ ታዝናለህ? ትምህርቱ መርፌ ሰጥቶ ከመግደል የሚለየው እዚሁ ላይ ነው። መርፌ ሰጥተው በሽተኛው ካልሞተ መርፌው አልሠራም ማለት ነው። ማሽን አንስተው በሽተኛው ከተነፈሰ ግን የተበላሸ ነገር የለም።

ቱቦውስ?

በጆሴፍ ዘመን ይህ ክርክር ገና አልበሰለም። በካቶሊኮች መካከል እንኳ አንዳንዱ በቱቦ የሚሰጥ ምግብ ሕክምና ነው፣ ከሆነም ሊቆም ይችላል ይል ነበር። ሌላው ምግብ ምግብ ነው፣ በማንኪያም ይሁን በቱቦ ይላል። ማርች 20 ቀን 2004 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ወደ ሁለተኛው ወገን አዘነበሉ። በቬጀቴቲቭ ሁኔታ ላለ ሰው ውኃና ምግብ በቱቦም ቢሆን በመርህ ደረጃ መደበኛ እንክብካቤ ነው አሉ። በ2007 ቫቲካን ደገመችው። ጆሴፍ ገና በ1976 በልቡ የያዘው ነገር ነበር።

«በመርህ ደረጃ» የሚለውን ግን አትዝለሉት። ቱቦው የሚገባው ለመመገብ ነው። ሰውነት መቀበል ካቆመ መመገቡ ቀርቷል ማለት ነው። ሞት በቀረበ ጊዜ ይህ ይታያል። የሰጣችሁት ፎርሙላ ከሆድ ሳይወርድ ተመልሶ ይወጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ትንፋሹ እርጥብ ይሆናል፣ እግሩ ያብጣል። ያኔ ቱቦው አይመግብም፤ ወደ ሳንባ ይገባል እንጂ። በዚህ ደረጃ ማቆም ከትምህርቱ ጋር አይጣላም። ቤተሰቡ «በረሃብ ልትገድሉት ነው?» ሲል ግን የምትመልሱት በዶክትሪን አይደለም። ያያችሁትን ንገሯቸው። «ዛሬ ጠዋት የሰጠሁት እስካሁን ሆዱ ውስጥ አለ።» ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ስታረጥቡ አብረው እንዲያደርጉት ጋብዟቸው። የማጉረስ ባህል ላለው ቤተሰብ ባዶ እጅ መቀመጥ ከባድ ነው፤ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል።

ሌላ እምነት ሌላ ቦታ ይከፍላል

አንድ ነገር ላስገባ። እስራኤል ውስጥ በነርስነት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን መስመር ሌላ ቦታ ያገኙታል። የ2005 የአገሪቱ ሕግ ከአይሁድ የሃይማኖት ሕግ ጋር ተመክሮበት የወጣ ነው። እዚያ ያለማቋረጥ የሚሠራ ቬንትሌተርን አንዴ ከተገጠመ ማንሳት አይቻልም፤ ድርጊት ነውና። እየተቋረጠ የሚሰጥ ሕክምናን፣ ለምሳሌ ዲያሊሲስን፣ በሚቀጥለው ዙር አለመጀመር ግን ይቻላል። ስለዚህ ሕጉ ቬንትሌተር ሰዓት ቆጣሪ ተገጥሞለት ወደሚቋረጥ ሕክምና እንዲለወጥ መንገድ ከፈተ። ለካቶሊኩ ማቆምና አለመጀመር አንድ ነው፤ ሸክሙን ነው የሚመዝነው። ለአይሁዱ ሕግ ሁለቱ ይለያያሉ። ካረን ኢየሩሳሌም ውስጥ ብትሆን ኖሮ የአባትየው ጥያቄ ይህን መልስ አያገኝም ነበር። ስለዚህ «ሃይማኖት እንዲህ ይላል» አትበሉ። የማን ሃይማኖት?

አልጋው አጠገብ

አሁን ዘመኑ 1976 አይደለም። የቤተሰቡ ውሳኔ ተጽፎ፣ ኮሚቴውም አይቶት፣ ቬንትሌተር ሊነሳ ነው እንበል። እናንተ ተረኛ ናችሁ። ሦስት ነገር ላይ ልቆይ።

አንደኛው የሃይማኖት አባት ሰዓት ነው። ቄሱ ብዙ ጊዜ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ቄስ መጣ ማለት ሞት መጣ ማለት ነው ብሎ ይፈራል። በካቶሊክ ምስጢረ ቀንዲል ለሚሞት ብቻ አይደለም፤ ከ1972 ጀምሮ በግልጽ የሕሙማን ምስጢር ሆኗል፣ ይደገማልም። ንስሐ ግን መናገር ይፈልጋል። ቁርባን መዋጥ ይፈልጋል። ማስታገሻው ከተጀመረ በኋላ የመጡ ቄስ ሁለቱንም አያገኙም። የእኛ ኦርቶዶክስ ታማሚ ሲሆን ደግሞ የንስሐ አባቱ የሚጠይቁት የታወቀ ነው፦ መቼ በላ? መዋጥ ይችላል? ይህን ከነርስ በቀር የሚያውቅ የለም። በቱቦ ፎርሙላ እየወረደለት ከሆነ የቆመበትን ሰዓት ንገሯቸው፤ ፍርዱን እሳቸው ይስጡ። ሙስሊም ታማሚ ከሆነ ቤተሰቡ አልጋውን ወደ ቂብላ ማዞርና ጆሮው አጠገብ ሸሃዳ ማለት ይፈልጋል። አልጋው የሚዞረው ገመዱና ቱቦው ሲፈቅድ ነው፤ ቀድማችሁ አዘጋጁት።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። የመተንፈሻው ቱቦ ከመውጣቱ በፊት ጡንቻ የሚያሰንፍ መድኃኒት እየተሰጠ ከነበረ ይቁም፤ ሥራውም ይለቅ። አለበለዚያ በሽተኛው እየታፈነ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ እናንተም ሰላም ያገኘ ይመስላችኋል። ከዚያ ሞርፊን። ከዚህ በፊት ኦፒዮይድ ላልወሰደ ትልቅ ሰው መነሻው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም በደም ሥር ነው፤ 15 ደቂቃ ያህል አይቶ እንደ ምልክቱ ይደገማል። ምልክቱ ምንድነው? ትንፋሽ በደቂቃ ከ30 ሲያልፍ፣ የአንገት ጡንቻ ሲወጠር፣ አፍንጫ ሲነፋ፣ ግንባር ሲቋጠር።

ፒዮስ 12ኛ በዚያው በ1957፣ በፌብሩዋሪ፣ ይህንንም ተጠይቀው ነበር። ማስታገሻ ዕድሜ ቢያሳጥርስ? ሌላ መንገድ ከሌለና ሐሳቡ ሕመሙን ማስታገስ ከሆነ ይፈቀዳል አሉ። አንድ ሥራ ሁለት ውጤት አለው፤ የታሰበው አንዱ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሐሳቤን ማን ያውቃል?» ይላል። ቻርቱ ያውቃል። ትንፋሽ 36፣ ሞርፊን 3 ሚሊግራም፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ 24፣ ግንባሩ ተፈታ፣ ተጨማሪ አልተሰጠም። ይህ ሕመም ማስታገስ ነው። ተረጋግቶ ለተኛ ሰው በአንዴ 20 ሚሊግራም ከተሰጠ ግን ምንም ዓይነት ሐሳብ ቢነገር ቁጥሩ አይቀበለውም። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ከደረሳችሁ «ለየትኛው ምልክት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሦስተኛው ለቤተሰቡ የምትነግሩት ሰዓት ነው። አትንገሩ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል» ተብሎ የተነገረው ቤተሰብ፣ ሰውየው ሦስት ቀን ሲቆይ ወይ ሕክምናው ተሳሳተ ወይ እግዜር ሊመልሰው ነው ብሎ ይናወጣል። ካረንን አስታውሱ። «በደቂቃዎችም በቀናትም ሊሆን ይችላል፤ ቢቆይም አብረን ነን» ይበቃል። ሰውየው ከቆየ ደግሞ እንክብካቤው እንዳለ ነው፦ በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ፣ አፍ ማጽዳት፣ የአልጋ ቁስል ማየት። በካረን ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ያደረጉት ነርሶች ስማቸው የትም የለም። ፍርዱ በጋዜጣ የፊት ገጽ ወጣ፤ መገልበጡ ግን በየሁለት ሰዓቱ ነበር።

ለቀጣዩ ተረኛ ስታስረክቡም ቃሉን ምረጡ። «ማሽኑ ተነቅሏል፣ ሕክምና ቆሟል» የምትል አንዲት መስመር ማታ የገባችውን ነርስ ከአልጋው ታርቃለች። በሽተኛው ላይ የሚሠራ ነገር የቀረ አይመስላትም። ሁለት መስመር ብትጨምሩ ምንም አይደለም። «ቬንትሌተር በ10፡20 ተነስቷል። በራሱ ይተነፍሳል፣ 22 በደቂቃ። ቄስ ጠዋት መጥተዋል። ኤንጂ ቲዩብ አለ፣ የመጨረሻው ምግብ 6 ሰዓት ላይ፣ ሆዱ አልተነፋም። በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፣ ቀጣይ መገልበጫ 12 ሰዓት። ሚስቱ ክፍሉ ውስጥ ናት።»